ለገናና ለጥምቀት ዕቃ ላስገባ ነው፣ አንዴ ልጫን ወይስ ልከፋፍለው?

ሰላምዬ_ልብስ
እንዴት ናችሁ ወገኖች። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ባለች ከተማ ልብስ ሱቅ አለኝ። የሚበዛው የልጆች ነው፣ የሴት ቀሚስና ትንሽ የወንድ ጃኬትም እይዛለሁ፣ ገበያችን ቅዳሜ ነው። ጥቅምት እያለቀ ስለሆነ የ2019 ገናና ጥምቀት ዕቃዬን ካሁኑ ማሰብ አለብኝ። አምና ከታህሳስ 1 እስከ ጥር 10 ድረስ 420 ሺ ብር ሸጫለሁ፣ የዚያ ዕቃ መግዣው 300 ሺ ገደማ ነበር። ዘንድሮ መርካቶ ደውዬ ስጠይቅ ያው ዕቃ በአምስት አንድ እጅ ጨምሯል፣ ስለዚህ ያንኑ ብዛት ለመያዝ 360 ሺ ያስፈልጋል ማለት ነው። እጄ ላይ 190 ሺ አለ፣ ሱቅ ውስጥ ደግሞ የ60 ሺ የሚሸጥ ዕቃ አለኝ። የማውቀው ጅምላ ነጋዴ 150 ሺ በዱቤ እሰጥሻለሁ ብሎኛል፣ እስከ ጥር 5 ልከፍል። እቁብም አለኝ 100 ሺ ነው ግን እጣው ገና አልወጣልኝም። ያሰብኩት ህዳር 20 አካባቢ አዲስ አበባ ሄጄ 340 ሺውን በአንድ ጊዜ ጠቅልዬ ለመጫን ነው፣ መመላለስ የለ፣ የትራንስፖርት ወጪም አንዴ ነው። ምን ትላላችሁ?

ቢቸና_ጅንስ
እህቴ አትጠራጠሪ ጠቅልለሽ ጫኚ። ዕቃ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብር ለገበያ ሲለቀቅ ያየነው ነው፣ ዕቃ የያዘ ሰው ቆመ ብር የያዘ ሰው ግን በዚያው ብር ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት አቃተው። ታህሳስ አጋማሽ ላይ ደግሞ መርካቶ ከየክፍለ ሀገሩ ሰው ይጎርፋል፣ ዋጋውም ሌላ ነው ደህናው ሳይዝም አልቆ ይጠብቅሻል። ዱቤም ከተሰጠሽ ውሰጂ፣ በሰው ገንዘብ መነገድን የሚያክል ምን አለ።

ዩኒፎርም_በቅናሽ
እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው የምሰራው ዳንግላ አካባቢ። የበዓል ዋጋ ለማውጣት በመግዣው ላይ ግማሹን ጨምሪበት፣ ለመስከረም እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ወላጅ ልጁን ያለ ዩኒፎርም አይልክም ስለዚህ ይገዛል።

ሰላምዬ_ልብስ
@ዩኒፎርም_በቅናሽ አመሰግናለሁ ወንድሜ ግን የጠየቅኩት ስለ መሸጫ ዋጋ አይደለም፣ መቼና ስንት ብር አውጥቼ ልግዛ ነው ጥያቄዬ። ዩኒፎርም ደግሞ ግዴታ ነው፣ የኔ ቀሚስ ካልተወደደ ተሰቅሎ ይቀራል።

የማርቆስ_በረንዳ
ሰላምዬ፣ ደብተር መያዝሽ ደስ ይላል፣ አብዛኛው ሰው እዚህ ሲጠይቅ በግምት ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ ያ 420 ሺ በየትኛው ሳምንት ስንት ስንት ሆኖ ነው የገባው? ድምሩ ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ሁለተኛ፣ ከታህሳስ እስከ ጥር አጋማሽ ከልብስ ግዢ ውጪ የምትከፍይው ምንድነው፣ ኪራይ፣ እቁብ፣ የቤት አስቤዛ፣ ያለውን ሁሉ።

ሰላምዬ_ልብስ
እሺ አያ። ደብተሬን አወጣሁት፣ ተጠጋግቶ እንዲህ ነው። ከታህሳስ 1 እስከ 14 የገባው 60 ሺ ነው፣ ከ15 እስከ ገና ዋዜማ 190 ሺ። ከገና ቀን እስከ ጥር 4 ቀዝቀዝ ብሎ 30 ሺ ብቻ ገባ። ከዚያ ከጥር 5 እስከ ከተራ 140 ሺ። ወጪዬ እቁብና የቤት ተደምሮ በሁለት ሳምንት ወደ 15 ሺ ይሆናል። የሱቅ ኪራይ የ6 ወር 45 ሺ ነው፣ ጥር 10 ይከፈላል። የተረፈኝ ዕቃ ደግሞ በመግዣው የ90 ሺ ነበር፣ አብዛኛው የወንድ ጃኬትና በጣም ትንሽና በጣም ትልቅ ሳይዝ የልጆች ልብስ፣ ከሱ የቀረው ነው አሁን በ60 ሺው ውስጥ ያለው።

የማርቆስ_በረንዳ
ይሄ ነው የሚፈለገው። አሁን ነገሩን ካንቺ ደብተር እንየው።

አምና ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ነው የመጣው፣ አንዴ ለገና አንዴ ለጥምቀት፣ በመሀል ያለው ሳምንት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የዱቤው ቀን ጥር 5 ደግሞ በትክክል የጥምቀቱ ብር ከመግባቱ በፊት ላይ ነው የተቀመጠው። ነጋዴው ይሄን የመረጠው የራሱን ስለሚያውቅ ነው፣ እሱም ለሚቀጥለው ዕቃ ብሩን ይፈልገዋል፣ አልፈርድበትም። አንቺ ግን የዕዳሽ ቀንና የብርሽ ቀን ተላልፈውብሻል።

ያንቺን እቅድ እንሞክረው። ህዳር 20 ላይ 190 ሺውን አውጥተሽ 150 ሺ ተበድረሽ ጫንሽ፣ እጅሽ ላይ ዜሮ። ሽያጩ እንደ አምና ከሆነ እስከ ታህሳስ 14 60 ሺ ገብቶ 15 ሺ ወጪ፣ 45 ቀረ። እስከ ገና 190 ገብቶ 15 ወጥቶ 220 ሆነ። እስከ ጥር 4 30 ተጨምሮ 250። ጥር 5 ላይ 150 ከፈልሽ፣ 100 ቀረሽ፣ ኪራይሽንም ትከፍያለሽ። ጥሩ ነው።

አሁን ሽያጩ ከአምና በአንድ ሦስተኛ ቢቀንስስ? ይሄ የሩቅ ነገር አይደለም፣ ዋጋው ጨምሯል እኮ፣ ለሦስት ልጆቿ ትገዛ የነበረች እናት ለሁለቱ ልትገዛ ትችላለች። እስከ 14 የሚገባው 40 ነው፣ 15 ወጥቶ 25። እስከ ገና 127 ገብቶ 15 ወጥቶ 137። በመሀል ያለው ሳምንት 20፣ በድምሩ 157። ጥር 5 ላይ 150ውን ስትከፍይ 7 ሺ ይቀርሻል። በ7 ሺ ለጥምቀት ያለቀብሽን ቀሚስ መተካት አትችይም፣ ኪራዩም ከፊትሽ ነው፣ ሱቅሽ ውስጥ ግን የ200 ሺ ዕቃ ተሰቅሏል። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያዘው፣ ሲያዩት ሱቁ ሙሉ ነው ኪሱ ግን ባዶ ነው።

እኔ ብሆን በሦስት እከፍለዋለሁ። ህዳር 20 ላይ በካሽ 160 ሺ፣ 30 ሺ እጅሽ ላይ ይቆይ፣ ዱቤ ምንም አትንኪ። በዚህ ዙር የምትገዢው እንደሚሸጥ እርግጠኛ የሆንሽበትን ብቻ ነው፣ የልጆች ኮምፕሌት መካከለኛ ሳይዝ፣ የሴት ልጆች ቀሚስ፣ በየዓመቱ የሚያልቀውን። ታህሳስ 14 ማታ ቁጠሪ። ያስገባሽው የልጆች ልብስ ሲሶው ከሄደ ገበያው አለ ማለት ነው፣ ከገባልሽ ላይ 60 ሺ በካሽ ጨምረሽ 90 ሺ በዱቤ ሁለተኛውን ዙር አምጪ። ሲሶው ካልሄደ ወደ ታች አውርጂው፣ ከ40ው ላይ 40፣ ዱቤውን 50 ብቻ። ሦስተኛው ዙር ገና ባለፈ ማግስት ለጥምቀት የሴት ቀሚስ ብቻ ነው፣ ገበያው ደህና ከሆነ 60 ሺ ካልሆነ 30 ሺ።

ደካማውን ዓመት እንደገና አስይው፣ በ30 ጀመርሽ፣ 40 ገባ 15 ወጣ፣ በ40 ገዛሽ፣ 15 ቀረ። እስከ ገና 127 ገብቶ 15 ወጥቶ 127። ለጥምቀት 30 ገዛሽ፣ 97። በመሀሉ ሳምንት 20 ሲጨመር 117፣ ዕዳሽን 50 ከፍለሽ 67 ይተርፍሻል፣ ኪራዩም አለ ልብሱም አለ። ጥሩ ዓመት ከሆነ ደግሞ በሦስቱ ዙር የምታስገቢው 370 ሺ ይሆናል፣ ይሄ አንዴ ልትጭኚ ካሰብሽው 340 ይበልጣል። ሲሸጥ ብዙ ገዛሽ፣ ሳይሸጥ ትንሽ ገዛሽ ማለት ነው።

ቢቸና_ጅንስ
አያ ሒሳቡ ጥሩ ነው ግን ታህሳስ 14 ላይ የሚገዛውን ዕቃ በህዳር ዋጋ አስበህ ነው። ያኔ በያንዳንዱ ፍሬ ላይ 30ም 50ም ብር ይጨምራል፣ ዕቃውም የተመረጠ ቀሪ ነው።

የማርቆስ_በረንዳ
@ቢቸና_ጅንስ ልክ ነህ ይጨምራል፣ እሱን አልካድኩም። ግን ዱቤውም ዋጋ አለው። ሰላምዬ ነጋዴውን ያንኑ የልጅ ኮምፕሌት በካሽ ስንት በዱቤ ስንት ብለሽ ጠይቂው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ በካሽ 600 የሆነው በዱቤ 650 ነው። ስለዚህ ህዳር ላይ ጠቅልለሽ በዱቤ ብትገዢም ያንን 50 ብር ከፍለሻል፣ ልዩነቱ ላልተሸጠውም ጭምር መክፈልሽ ነው። አንተ ጅንስ ነው የምትሸጠው፣ ጅንስ ለገና ባይሸጥ ለፋሲካ ይሸጣል፣ ለሰኔም ይሸጣል። የዘንድሮ ፋሽን የሆነ የሴት ቀሚስ ግን ከጥምቀት ወዲያ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጠቅልሎ መጫን ላንተ ዕቃ ይሰራል፣ ለሷ ለግማሹ ብቻ ነው የሚሰራው።

የቡሬዋ
እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፣ መንገዱንስ ምን ታደርጉታላችሁ። አምና ለሁለተኛ ዙር ብለን ያስቀመጥነውን ብር ይዘን መኪና ቆመ ተባለ፣ ሲከፈት ገና ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ ዕቃው የደረሰው የበዓል ማግስት ነው። አንዴ ቀደም ብለው የጫኑት ሰዎች ብቻ ናቸው የሸጡት። እኛ አገር አሁን ታህሳስ 14 ላይ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብሎ ማቀድ በራሱ ድፍረት ነው። ዓባይን ተሻግሮ ደጀን እስኪደርስ ድረስ ልብ ተንጠልጥሎ ነው።

የማርቆስ_በረንዳ
@የቡሬዋ እህቴ ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው፣ መፍትሄ አለኝ ብዬም አልዋሽሽም። የምለው ይሄን ነው፣ ሁለተኛው ዙር የግድ ከመርካቶ መምጣት የለበትም። ባህር ዳር ጅምላ የሚሰጡ አሉ፣ በፍሬ 40ም 60ም ይወደዳል፣ ግን መቶ ፍሬ ላይ 5 ሺ ብር ቢጨምርብሽ ሱቅሽ ባዶ ከሚሆን ይሻላል። ያ ደግሞ ከተዘጋ እዚያው አካባቢ ካሉ ሱቆች ጋር መለዋወጥ ነው። መንገዱ በጣም የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር ከ160 ወደ 180 ማሳደግ ይቻላል፣ በካሽ ግን። ዱቤ አድርጎ ማሳደጉን አልመክርም፣ መንገድ ሲዘጋ እኮ ገዢውም ከገጠር አይመጣም፣ ዕዳው ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

የቡሬዋ
ገዢው አይመጣም የሚለው እውነት ነው ግን ሁሌም አይደለም። አምና የከተማው ሰው ነበር፣ ዕቃ ስላልነበረ በተገኘው ዋጋ ገዛ። በዚህ አንስማማም።

ዲያቆን_ዘዲማ
ሰላም ለሁላችሁ። ነጋዴ አይደለሁም፣ እህቴ ግን ልብስ ትሸጣለችና ስታነብልኝ አንድ ነገር ታየኝ። ሁላችሁም ከአምና ጋር ነው የምታወዳድሩት፣ ዘንድሮ ግን ጾሙ የሚገባው እንደ አምና አይደለም። በ2018 ነነዌ ጥር 25 ነበር፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። በ2019 ነነዌ የካቲት 15 ነው፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። ስለዚህ አምና ከጥምቀት እስከ ጾም መያዣ ያለው ከአንድ ወር ያነሰ ነበር፣ ዘንድሮ ወር ከግማሽ ይሆናል። ያ ሁሉ ጊዜ የሰርግ ነው።

የማርቆስ_በረንዳ
ዲያቆን እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ይሄን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ይሄ ሒሳቡን ይቀይረዋል፣ በተለይ የሴት ቀሚስና የወንድ ሱፍ ላይ። አምና ለጥምቀት የቀረ ቀሚስ ለሰርግ የሚሸጥበት ጊዜ አጭር ነበር፣ ዘንድሮ ረጅም ነው። ስለዚህ ሰላምዬ በሦስተኛው ዙር ለጥምቀት ስትገዢ የሰርግ ሚዜና የዘመድ ልብስ የሚሆነውን ምረጪ፣ ካልተሸጠም የካቲትን ሙሉ ዕድል አለው። በተቃራኒው ፋሲካ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ስለሚቆይ ከጾሙ መግቢያ በኋላ የሚቀርሽ ዕቃ ብርሽን ለሁለት ወር ያህል ያስረዋል፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰርግም ዝናብ እስኪገባ አጭር ነው። ስለዚህ ቀሪውን የካቲት ላይ መጨረስ አለብሽ።

ሌላም ነገር፣ ዘንድሮ ገና ሐሙስ ነው፣ ጥምቀት ማክሰኞ። ገበያሽ ቅዳሜ ከሆነ ከገና በፊት ያለው የመጨረሻ ገበያ ታህሳስ 24 ነው፣ ከጥምቀት በፊት ያለው ደግሞ ጥር 8። የገጠር ገዢሽ በነዚያ ሁለት ቀናት ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ዙር ከታህሳስ 22 በኋላ ከደረሰ ለገጠሩ ገዢ ዘግይቷል። የደሞዝተኛው ግን ደሞዝ ሲገባ ነው፣ እስከ ዋዜማው ይገዛል።

ሞጣ_ሰው
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ዲያቆን ካነሳው ላይ ልጨምር፣ ዘንድሮ ረመዳን የካቲት መጀመሪያ ላይ ይገባል፣ ዒድ እንደ ጨረቃዋ ቢሆንም የካቲት 30 ወይ መጋቢት 1 ነው የሚሆነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ማለት ነው። እኔ ሞጣ ሱቅ አለኝ፣ ለዒድ የልጆች ልብስ ለገና ከሚሸጠው አያንስም፣ ወላጅ ለልጁ አዲስ ሳያለብስ ዒድ አይሰግድም። እናንተ ጋ ሙስሊም ደንበኛ ካለ የተረፈሽን የልጆች ልብስ በጥር በኪሳራ አትጣይው፣ እስከዚያ ጠብቂ። የሴት ሲሆን ግን እጅጌው ረጅም የሆነውንና ሰፋ ያለውን ነው የሚወስዱት፣ ጠባብና አጭር ቀሚስ አይሄድም። ረመዳን ሲያጋምስ ነው ገበያው የሚጀምረው፣ ማታ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ሱቅ ክፈቱ።

ሰላምዬ_ልብስ
ወይኔ ይሄን ሁሉ ሳላውቅ ነው ልጭን የነበረው። ከሱቄ ፊት ለፊት መስጊድ አለ፣ ደንበኞቼ ሙስሊሞችም ናቸው፣ ዒድን ግን ከገናው ዕቃ ጋር አገናኝቼ አስቤው አላውቅም።

ሌላ ጥያቄ፣ ሳይዙ ነገር። መርካቶ ላይ የልጆቹን ከትንሽ እስከ ትልቅ ሳይዝ እንደታሰረ ነው የሚሰጡኝ፣ መሀሉ ሦስት ቀን ሳይሞላ ያልቃል፣ ዳርና ዳሩ ይቀራል። አምና የቀረኝም እሱ ነው። ፈታ አድርገህ ስጠኝ ስለው እምቢ ይላል።

የቡሬዋ
እኔ እዚህ ከጎረቤቴ ጋር ነው የምካፈለው። ሁለታችን ሁለት እስር አንድ ዓይነት እንገዛና እኔ ከህፃናት እስከ 6 ዓመት ያለውን ሁሉ እወስዳለሁ፣ እሷ ከ7 እስከ 12 ያለውን። ደንበኛ ሲመጣ እንላላካለን። ቀለም ግን መጀመሪያ ተስማሙ፣ እኔ ቀይ እሷ ሰማያዊ እያልን የተጣላንበት ጊዜ አለ። ደግሞ ገጠር ያለ ሰው ለልጁ ከፍ ያለ ሳይዝ ነው የሚገዛው፣ ለሚቀጥለው ዓመትም እንዲሆነው ብሎ። 8 ዓመት ለሆነው 10 ነው የሚጠይቅሽ። ስለዚህ ለገበያ ቀን ትልልቁን ፊት ለፊት ስቀይው።

የማርቆስ_በረንዳ
ይሄ የቡሬዋ ያለችው ወርቅ ነው። በተጨማሪ ነጋዴሽን እንዲህ በይው፣ ዱቤው ከሚበዛ የመለወጥ መብት ስጠኝ። ማለትም እስከ ጥር 15 ያልተፈታ ያልተለበሰ ዕቃ በሌላ ሳይዝ ወይ በሌላ ዕቃ እንድትለውጪ። ብር መልስልኝ አትበይው፣ አይመልስም። የቆየ ደንበኛ ከሆንሽ ብዙዎቹ ይስማማሉ። የዱቤውን ቀን ደግሞ ከጥር 5 ወደ ጥር 15 እንዲወስደው ጠይቂ፣ 150 ከምትወስጂ 90 ብቻ ወስጄ ቀኑን አስር ቀን ግፋልኝ ስትይው ለእሱም ስጋቱ ይቀንስለታል።

ሸማኔ_ልጅ
ሀበሻ ቀሚስም ትይዣለሽ ወይስ የውጭ ልብስ ብቻ? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባልበት አገር ላይ ሆነን ማንም ስለ ሀገር ባህል ልብስ አላነሳም። አባቴ ሸማኔ ነው፣ እኔ ትዕዛዝ እቀበላለሁ። ለጥምቀት የሚሆን ቀሚስ አሁን ጥቅምት ላይ ካልታዘዘ ታህሳስ ላይ ማንም አይቀበልሽም፣ ቢቀበልሽም ጥለቱ ተቻኩሎ የተሰራ ይሆናል። ፈትሉ አንድ ነገር ነው፣ ሸማው ሌላ፣ ከዚያ ጥልፉና ስፌቱ አለ፣ በያንዳንዱ እጅ ላይ ሲያልፍ ቀን ይወስዳል። እኛ ግማሹን ቀብድ እንቀበላለን፣ ድሩን የምንገዛበት ነው።

ሰላምዬ_ልብስ
አምና ከሰው ወስጄ በኮሚሽን ነው የሸጥኩት። ዘንድሮ አስር ቀሚስ ላሰራ ብል ቀብዱ ከ190ው ላይ ነው የሚወጣው እኮ፣ የአያ እቅድ ይናጋብኛል።

ሸማኔ_ልጅ
ስድስት አሰሪ፣ አራቱን ግን ከደንበኛ ቀብድ ተቀብለሽ። ናሙና ሰቅለሽ በልክሽ ይሰራልሻል ብለሽ ግማሹን ተቀበይ፣ ያንን ለኛ ስጪ። ሁለቱን ብቻ በራስሽ ብር ለናሙና አሰሪ። የጥለቱን ዓይነት አስመርጫቸው፣ ቀብድ የከፈለ ሰው አይቀርም።

እንጅባራ_ፈረስ
ወደኛ ካመጣሽው ደግሞ ጥር 23 ጊዮርጊስ የፈረስ በዓላችን ነው፣ ከጥምቀት በኋላ ገበያው አይሞትም። ጋቢና ነጠላ በደንብ ይሄዳል። የቀረሽን ይዘሽ ና፣ ሱቅ ተከራይተሽ ሳይሆን እዚህ ካለ ሰው ጋር ተስማምተሽ።

ቢቸና_ጅንስ
እቁቡንስ ለምን ዝም አላችሁት? 100 ሺ ቀልድ አይደለም። እጣው ከወጣለት ሰው ላይ ግዢው። እኛ ጋ የበዓል ሰሞን 6 ሺም 8 ሺም ጨምረሽ ትወስጃለሽ።

የማርቆስ_በረንዳ
እጣ መግዛት መጥፎ አይደለም፣ ግን ከዱቤው ጋር አወዳድሩት። በ650 ሒሳብ 90 ሺ ዱቤ ወስደሽ የምታገኚው ዕቃ በካሽ 83 ሺ ነው፣ ማለትም 7 ሺ ብር ለነጋዴው ከፈልሽ። እጣውን 6 ሺ ጨምረሽ ብትገዢ 94 ሺ በእጅሽ ይገባል፣ ያውም በካሽ ትደራደሪበታለሽ፣ የጥር 5 ዕዳም የለብሽም፣ የምትከፍይው ሳምንታዊው ብቻ ነው። 8 ሺ ከጠየቀሽ ያው 92 ሺ ነው፣ ያም ከዱቤው አይከፋም። የሚከፋው ታህሳስ 14 ሳይደርስ ገና ህዳር ላይ ከገዛሽው ነው፣ ምክንያቱም እጅሽ ላይ ያለ ብር ሁሉ ዕቃ ካልሆንኩ ይላል። ከአሁኑ አንድ ሁለት ሰው አናግሪና ከቆጠራው በኋላ ወስኚ። የቀብዱን ብር ደግሞ ለየብቻ አስቀምጪው፣ ያንቺ አይደለም፣ ቴሌብር ላይም ቢሆን ከሽያጩ ጋር አትቀላቅይው።

ሰላምዬ_ልብስ
እሺ አያ። እንግዲህ እንዲህ ላድርግ፣ ህዳር 20 ላይ በካሽ፣ ከመንገዱ ስጋት የተነሳ ከ160ው ትንሽ ጨምሬ የልጆቹን በርከት ላድርገው፣ ጃኬት ዘንድሮ አልገዛም፣ ያለውን ልጨርስ። ለሁለት ናሙና ቀሚስ ቀብድ ከቀሪው ላይ። ነጋዴውን ዛሬ ደውዬ ጥር 15ን እጠይቀዋለሁ። ገና ያልገባኝ ጥር 12 ላይ የሚቀረኝን ቀሚስ ዋጋ ልቀንስ ወይስ የካቲትን ልጠብቅ የሚለው ነው።

የቡሬዋ
አትቀንሺ። አንዴ ከቀነስሽ ደንበኛሽ በሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት አልፎ ይመጣል። እኛ ከተማ አንዷ እንደዚያ ብላ አሁን ሰው ሁሉ ጥር 12ን ነው የሚጠብቃት።

ቢቸና_ጅንስ
እኔ እቀንሳለሁ፣ ታስሮ ከሚቀመጥ ብር ይሻላል፣ በዚያ ብር ለየካቲት ሰርግ ሱፍ አስገባበታለሁ።

ሞጣ_ሰው
የልጆቹን አትንኩ፣ ዒድ አለ ብያለሁ። የሴቱን እንደየቀሚሱ እዩት።

የማርቆስ_በረንዳ
በሁለቱ መሀል ነኝ። ለሰርግ የሚሆን ቀሚስ እስከ የካቲት 15 በዋጋው ይቆይ። የዘንድሮ ፋሽን የሆነውና ሦስትና አራት ፍሬ የቀረው ግን በግልጽ ቀነስኩ ሳይባል ከነጠላ ወይ ከሻርፕ ጋር በአንድ ዋጋ ይሰጥ። የሴት ልጆች ቀሚስ የቀረሽ ከሆነ ደግሞ ሳይዙን ንገሪኝ፣ እዚህ ማርቆስ 10 እና 12 ዓመት ሁሌ ያጥረናል፣ በመግዣው እወስድሻለሁ።

ሰላምዬ_ልብስ
10 ዓመት አሁን ራሱ ከአምና የቀረ አለኝ፣ ሮዝና ነጭ። ፎቶውን በውስጥ ልኬልሃለሁ፣ ከተስማማህ ህዳር 20 ሳልሄድ በፊት ይምጣልህ፣ ብሩ ለመጀመሪያው ዙር ይሆነኛል።